«ትብብርን ይመለከታል»
በአንድ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ የቀረበ ሒስ

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጻጻፍ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው እንደ ሥዕል ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ይሥልና ቁጥርና ቀን ከላይ በስተቀኝ፣ የተቀባዩ ስም በስተግራ፣ ጉዳዩ መካከል፣ «ከሰላምታ ጋር» ከታች በስተቀኝ፣ ግልባጭ ደግሞ ከሁሉ በታች በስተግራ መሆኑን ያሳያል። ተማሪውም ሥዕሉን ይገለብጣል፤ በፈተናም ቦታ ቦታውን ካልሳተ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ያ ቁጥር ለምን እንደሚጻፍ፣ «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር ማን እንደሚያነበው፣ ግልባጩ ለማን ምን እንደሚል ግን አይጠየቅም። ተማሪው አድጎ ርእሰ መምህር ወይም ጸሐፊ በሆነ ጊዜ የሚጽፈው ደብዳቤ መልኩ ሁሉ የተሟላ፣ ሥራው ግን የጎደለ ሆኖ የሚገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን አባባላችንን በምሳሌ ለማስረዳት አንድ ደብዳቤ አቅርበናል። ደብዳቤው ለዚህ ጽሑፍ ስንል ያዘጋጀነው ነው፤ የየትኛውም ትምህርት ቤት አይደለም። ይሁን እንጂ በማንኛውም መዝገብ ቤት የሠራ ሰው መሰሉን እንደሚያውቀው አንጠራጠርም። ላኪው አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ተቀባዩ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። እንዲህ ይላል፦

ቁጥር፦ ..............
ቀን፦ 3/3/16

ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ትብብርን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው ትምህርት ቤታችን የመማር ማስተማሩን ሥራ በተሟላ ሁኔታ ለማካሄድ ከፍተኛ ጥረት በማድረግ ላይ የሚገኝ መሆኑ ይታወቃል። ይሁን እንጂ በዘንድሮው ዓመት የተማሪው ቁጥር ከመጨመሩ የተነሣ የዴስክ እጥረት ያጋጠመን ከመሆኑም በላይ የውሃ ቧንቧው ተበላሽቶ የሚገኝ ሲሆን እንዲሁም የፊዚክስ መምህሩ በዝውውር በመሄዳቸው ክፍተት ተፈጥሯል። በመሆኑም ጽሕፈት ቤቱ እንደተለመደው አስፈላጊውን ሁሉ እንዲያደርግልንና እንድትተባበሩን በታላቅ ትሕትና እየጠየቅን ለሚያደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማና ማኅተም)

ግልባጭ፦
ለዞኑ ትምህርት መምሪያ
ለወላጅ፣ መምህራንና ተማሪዎች ኅብረት
ለፋይል

ላይ ላዩን ሲያዩት ይህ ደብዳቤ የሚነቀፍበት የለውም። ሰላምታ አለው፤ ትሕትና አለው፤ ምስጋናም አለው። እውነተኛው ጉዳይ ግን በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ገደማ «እንዲሁም» ከሚለው ቃል በስተኋላ ተሸሽጎ ይገኛል፤ ይኸውም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፊዚክስ የሚያስተምራቸው ማጣታቸው ነው። የዴስክ እጥረት ተጠጋግቶ በመቀመጥ ለጊዜው ይታለፋል። መምህር ሳይኖር ያለፈ ሳምንት ግን በብሔራዊ ፈተና ቀን ይጠየቃል። ጸሐፊው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የተማረው የደብዳቤ ሥዕል ለዚህ የሚሆን ቦታ ስላላሳየው ነው።

ደብዳቤው ሲደርስ ምን ይሆናል?

ሒሳችንን ከመቀጠላችን በፊት ደብዳቤው በተቀባዩ መሥሪያ ቤት የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። መጀመሪያ የሚያየው ኀላፊው ሳይሆን የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ነው። ሠራተኛው ደብዳቤውን በገቢ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። በመዝገቡ ላይ የገባበት ቀን፣ የላኪው ስም፣ የደብዳቤው ቁጥርና የተጻፈበት ቀን፣ ጉዳዩ፣ እንዲሁም የተመራበት ክፍል የሚሞሉባቸው ዓምዶች አሉ። በደብዳቤው ላይም የገቢ ማኅተም አሳርፎ የገቢ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ለኀላፊው ይቀርባል፤ ኀላፊው በኅዳጉ ላይ «ለእገሌ ክፍል፤ ታይቶ ይቅረብ» ብሎ ይመራዋል። የተመራለት ክፍል ጉዳዩን አይቶ ይሠራል ወይም መልስ ያረቃል። በመጨረሻ ደብዳቤው በፋይሉ ውስጥ ይታሰራል።

እንግዲህ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሙሉውን ደብዳቤ የማንበብ ግዴታ የለበትም፤ ጊዜም የለውም። «ጉዳዩ» በሚለው ዓምድ የሚጽፈው ከደብዳቤው የጉዳይ መስመር የገለበጠውን ነው። ለምሳሌያችን የሚጽፈው «ትብብር» ይሆናል። ቁጥር በሚለው ዓምድ ሰረዝ ያሰምራል፤ ቁጥር የለምና። ኀላፊውም በጥድፊያ ሲያነብ መጀመሪያ የሚያገኘው ዴስክ ስለሆነ «ለንብረት ክፍል» ብሎ ይመራዋል። የንብረት ክፍሉ ስለ ዴስክ ያለውን ይመልሳል፤ ስለ ፊዚክስ መምህር ግን ሥልጣኑም ሥራውም ስላልሆነ ዝም ይላል። ደብዳቤው በንብረት ፋይል ውስጥ ይታሰራል። ከሁለት ወር በኋላ ርእሰ መምህሩ ሄደው «ስለ ፊዚክስ መምህር ጽፈን ነበር» ቢሉ የሰው ኀይል አስተዳደሩ ሠራተኛ «እኛ ዘንድ የደረሰ የለም» ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ማንም ሰው ክፉ ሳይሠራ አንድ መንፈቅ አለፈ ማለት ነው።

ይህን መንገድ ካየን በኋላ የደብዳቤውን ክፍሎች በየተራ መመርመር ይቀላል።

ቁጥርና ቀን

የደብዳቤ ቁጥር ጌጥ አይደለም፤ የደብዳቤው መጠሪያ ነው። አሠራሩ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያያል፤ የተለመደው ግን የላኪው ምሕጻረ ቃል፣ የፋይሉ ቁጥር፣ የወጪው ተራ ቁጥርና ዓመቱ በእዝባር ተለያይተው መጻፋቸው ነው። ለምሳሌ «ት/ቤ/04/112/2016» ቢል፣ በትምህርት ቤቱ በ04 ፋይል የሚገኝ፣ በወጪ መዝገብ 112ኛ ሆኖ የሰፈረ፣ የ2016 ዓ.ም. ደብዳቤ ማለት ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ይህን ቁጥር ብቻ ይዞ ቢመጣ ጸሐፊዋ ወጪ መዝገቡን ገልጣ፣ 04 ፋይልን አውጥታ ቀሪውን ልታሳየው ትችላለች። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ግን ከላኪው መዝገብ አልወጣም፤ ስለዚህ ጽፈናል ብሎ ለመከራከር ማስረጃ የለውም።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው «3/3/16» ሲሉ ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለታቸው ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር መጻፍ የለመደ ሰው ይህንኑ ማርች 3 ቀን 2016 ብሎ ቢያነበው፣ በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ልዩነት አለ። የወሩን ስም በፊደል፣ ዓመቱን በአራት አኀዝ፣ ከኋላውም «ዓ.ም.» ብሎ መጻፍ ይህን ስሕተት ፈጽሞ ያስቀራል።

በዚህ ላይ ተማሪዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር እናክል። ግለሰብ ለመሥሪያ ቤት የሚጽፈው ማመልከቻ የደብዳቤ ቁጥር አይኖረውም፤ ግለሰብ ወጪ መዝገብ የለውምና። በክፍል የተሣለውን ሥዕል የገለበጠ ተማሪ ግን በገዛ ራሱ ማመልከቻ ላይ «ቁጥር» ብሎ ጽፎ ባዶውን ይተወዋል። ለአመልካች የሚጠቅመው የራሱ ቁጥር ሳይሆን የተቀባዩ ነው። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዞ ሄዶ፣ መዝገብ ቤቱ የሰጠውን የገቢ ቁጥርና ቀን በእጁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቢያስጽፍ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ማመልከቻዬ የት ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚፈለግለት ነገር ይኖራል።

ተቀባዩና ጉዳዩ

«ባሉበት» የሚለው ቃል የተቀባዩ ሰው ስም ተጽፎ አድራሻው እዚያው ግቢ ውስጥ ሲሆን የሚያገለግል ነው። መሥሪያ ቤት ግን ቦታ አለው፤ ስለዚህ ከስሙ ሥር የሚጻፈው የከተማው ስም ነው። «ለወረዳው» ማለትም አይበቃም፤ የትኛው ወረዳ እንደሆነ ስሙ ይጻፍ። ደብዳቤው በተላላኪ ስሕተት ወደ ሌላ ቢሮ ቢገባ የሚመልሰው ይህ መስመር ብቻ ነው።

ይህ ግን ከጉዳዩ መስመር ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። «ትብብርን ይመለከታል» የሚለው አርእስት በእኛ አስተያየት ከደብዳቤው ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ነው። ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ከሚሄዱት ደብዳቤዎች ትብብርን የማይመለከት የትኛው ነው? ጥሩ የጉዳይ መስመር ሁለት ነገሮችን ይይዛል፤ ነገሩንና ከተቀባዩ የሚፈለገውን ሥራ። ነገሩ የሚገለጸው በስም ነው፤ የፊዚክስ መምህር፣ 60 ዴስክ፣ የአንድ ተማሪ የትምህርት ማስረጃ። ሥራው የሚገለጸው በመስመሩ መጨረሻ በሚቀመጠው ቃል ነው። «ስለመጠየቅ» ያለ እንደሆነ መልስ ይጠበቃል፤ «ስለማሳወቅ» ያለ እንደሆነ ማወቅ ብቻ ይበቃል፤ «ስለመላክ» ያለ እንደሆነ አብሮ የመጣ ነገር አለና ተቈጥሮ ይረከባል። «ይመለከታል» ግን ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አይነግርም። ተቀባዩ መልስ ይስጥ ወይስ ፋይል ውስጥ ያስቀምጥ? ጸሐፊው ካልመረጠ ተቀባዩ የሚመርጠው የሚቀለውን ነው።

ከዚህ የሚከተለው ደንብ፣ ለአንድ ጉዳይ አንድ ደብዳቤ የሚለው ነው። ዴስክ፣ ቧንቧና መምህር ወደ ሦስት የተለያዩ ፋይሎች የሚገቡ ነገሮች ናቸው፤ አንድ ወረቀት ግን በአንድ ፋይል ብቻ ይታሰራል። ጸሐፊው ወረቀት የቈጠቡ መስሏቸው ሁለቱን ጉዳዮች ከመንገድ አስቀርተዋል።

ዋናው ሐተታ

«ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለው ሐረግ ከደብዳቤ ወደ ደብዳቤ ሲወርስ የኖረ ነው። ለመግለጽ ከተሞከረ ተገለጸ ወይስ አልተገለጸም? አርእስቱ በሚገባ የተጻፈ ከሆነ ሐረጉ ትርፍ ነው፤ በሚገባ ያልተጻፈ ከሆነ ደግሞ አርእስቱን ማረም እንጂ መሞከራችንን መመስከር አይጠቅምም። በምሳሌያችን ከአራቱ ዓረፍተ ነገሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቢሰረዙ ከጉዳዩ የሚጎድል አንዳች ነገር የለም።

የሐተታው ሁለተኛ ጉድለት ቈጠራ የሌለው መሆኑ ነው። «ክፍተት ተፈጥሯል» ይላል፤ ስንት ክፍል፣ ስንት ክፍለ ጊዜ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አይናገርም። መምህር የሚመድበው ሠራተኛ ግን ሊወስን የሚችለው በእነዚሁ ቈጠራዎች ነው። እርሱ ዘንድ ከየትምህርት ቤቱ የመጡ ጥያቄዎች ተደርድረዋል፤ «ክፍተት» ያለው ሁሉ እኩል ነው፤ «በሳምንት 16 ክፍለ ጊዜ» ያለው ግን ይለያል።

ሦስተኛው የአክብሮቱ አነጋገር ነው። በአማርኛ ማንን እንደምናነጋግር ግሡ ይናገራል። የምሳሌያችን ጸሐፊ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «እንዲያደርግልን»፣ «እንድትተባበሩን»፣ «ለሚያደርጉልን» ብለዋል። የመጀመሪያው ስለ መሥሪያ ቤቱ በሩቅ ሆኖ ይናገራል፤ ሁለተኛው የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች በብዙ ቍጥር ያነጋግራል፤ ሦስተኛው አንድን ሰው በአንቱታ ያነጋግራል ወይም ስለ ሌሎች ሰዎች ይናገራል። መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ሲጽፍ «ጽሕፈት ቤቱ እንዲያደርግልን» ማለትም ሆነ «ጽሕፈት ቤታችሁ... እንድታደርጉልን» ማለት የተለመደ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው የሚያስፈልገው። «እርስዎ» የሚባለው ደብዳቤው ለአንድ ሰው በስሙ ወይም በማዕረጉ ሲጻፍ ነው። ግለሰብ አመልካችም «እጠይቃለሁ» ብሎ በጀመረበት ማመልከቻ መጨረሻ ላይ «እንጠይቃለን» ማለት የለበትም፤ «እንጠይቃለን» የሚለው መሥሪያ ቤት ወይም ማኅበር ነው።

መዝጊያው

ስለ መዝጊያው ስንናገር ጥቂት ወደ ኋላ መመልከት ይጠቅማል። የደብዳቤው ክፍሎች ዛሬ ባሉበት ቦታ ከጥንት ጀምሮ የተቀመጡ አይደሉም። በዳግማዊ ምኒልክ ደብዳቤዎች ማኅተሙ የሚያርፈው በራስጌው ነው፤ የንጉሡ መጠሪያና ሰላምታው ይቀድማሉ፤ የተጻፈበት ከተማና ቀን የሚነገሩት በመጨረሻው ላይ ነው። ሚኒስቴሮች ከተቋቋሙበት ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ የጽሕፈት ሥራ እየበዛ ሲሄድ፣ መዝገብ ያዡ ቶሎ ሊያገኛቸው የሚፈልጋቸው ቁጥርና ቀን ወደ ላይ ወጡ፤ ሰላምታውም አጥሮ ወደ ታች ወረደ። በደርግ ዘመን፣ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ፣ በመዝጊያው ላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ወይም «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» ይጻፍ ነበር፤ መንግሥቱ ሲለወጥ ያ ቀርቶ «ከሰላምታ ጋር» ብቻ ቀረ። እንግዲህ የመዝጊያው ቃል ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል፤ ተቀባዩ ጉዳዩን ማወቅ እንዳለበት ግን በየትኛውም ዘመን አልተለወጠም።

በመሥሪያ ቤቶች መካከል «ከሰላምታ ጋር» ይበቃል። ግለሰብ ለኀላፊ ሲያመለክት «ከአክብሮት ጋር» ወይም «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ቢል ወግ ነው። «በቅድሚያ እናመሰግናለን» የሚለውን ግን አንወደውም፤ ያልተወሰነውን ነገር እንደ ተፈጸመ ቈጥሮ ተቀባዩን ያጣድፋልና ከትሕትና ይልቅ ግፊት ይመስላል።

ከሰላምታው ሥር የሚመጣው ፊርማ ነው። የምሳሌያችን ጸሐፊ ፊርማና ማኅተም ብቻ አድርገዋል። ፊርማ ግን አይነበብም፤ ማኅተሙም የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የሰውየው አይደለም። ስለዚህ ሙሉ ስምና የሥራ ማዕረግ በጽሑፍ ወይም በቲተር መስፈር አለባቸው። ክቡ ማኅተም ፊርማውን በከፊል ነክቶ ያርፋል፤ ይህም ፊርማውና ማኅተሙ በአንድነት የተደረጉ መሆናቸውን ያሳያል። ስሙንና ቀኑን ግን መሸፈን የለበትም።

ግልባጭ ሌላው የሚታለፍ ነገር ነው። ግልባጭ የሚላክለት እያንዳንዱ ሰው «ይህ ለእኔ ለምን መጣ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ ከስሙ ቀጥሎ «ለክትትል»፣ «እንዲያውቁት» የሚል ምክንያት ቢጻፍ ይጠቅማል። ለዞኑ መምሪያ የተላከው ግልባጭ ደግሞ ልዩ ትርጉም አለው። የበታቹን መሥሪያ ቤት ገና መጀመሪያ በጠየቁበት ቀን ለበላዩ ግልባጭ ማድረግ ልመና ሳይሆን ክስ ይመስላል፤ ከላይ «በታላቅ ትሕትና» ያለውን ቃልም ከታች ያፈርሰዋል። የበላይ የሚጠራው የመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ ሲያጣ ነው፤ ያን ጊዜም የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ጠቅሶ ነው።

እንዴት በተጻፈ ነበር?

ሒስ አፍርሶ ብቻ መሄድ የለበትምና ያንኑ ደብዳቤ እንደገና ጽፈነዋል፦

ቁጥር፦ ት/ቤ/04/112/2016
ቀን፦ ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለ.............. ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት
(የከተማው ስም)

ጉዳዩ፦ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህር እንዲመደብልን ስለመጠየቅ

የትምህርት ቤታችን የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህር፣ ጽሕፈት ቤቱ መስከረም 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በቁጥር ወ/ት/ጽ/03/87/2016 በጻፈው ደብዳቤ መሠረት ከጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረዋል።

በዚህም ምክንያት በ11ኛ ክፍል 2፣ በ12ኛ ክፍል 2፣ በድምሩ 4 ምድብ ተማሪዎች በሳምንት 16 ክፍለ ጊዜ የፊዚክስ ትምህርት አያገኙም። እስከ ዛሬ 4 ሳምንት ወይም 64 ክፍለ ጊዜ አልፏል። የቀሩት ሁለት የፊዚክስ መምህራን በ9ኛና በ10ኛ ክፍል እያንዳንዳቸው በሳምንት 24 ክፍለ ጊዜ ስለሚያስተምሩ ሥራውን ደርበው ሊይዙት አልቻሉም።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ እስከ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ የፊዚክስ መምህር እንዲመድብልን፣ ይህ የማይቻል ከሆነም ከአጎራባች ትምህርት ቤት መምህር በትርፍ ሰዓት እንዲያስተምር እንዲፈቅድልን እንጠይቃለን። የመምህራኑን የክፍለ ጊዜ ድልድል የሚያሳይ 1 ገጽ ከዚህ ጋር አያይዘናል።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ፣ ሙሉ ስም፣ «ርእሰ መምህር»፣ ማኅተም)

ግልባጭ፦
ለምክትል ርእሰ መምህር (ለክትትል)
ለፋይል

ይህ ደብዳቤ ከፊተኛው የሚበልጠው በአነጋገር ውበት አይደለም። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «የፊዚክስ መምህር ስለመጠየቅ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ኀላፊው ሐተታውን ሳያነቡ እንኳ ለሰው ኀይል አስተዳደር ይመሩታል። የዝውውሩ ደብዳቤ ቁጥር ስለተጠቀሰ ጽሕፈት ቤቱ የራሱን ፋይል አውጥቶ እውነት መሆኑን ያረጋግጣል። ሁለተኛው አማራጭ ስለቀረበለት «መምህር የለንም» የሚለው መልስ የመጨረሻ አይሆንም። ዴስኩና ቧንቧው በየራሳቸው ደብዳቤ፣ ምናልባትም በቁጥር 113 እና 114፣ ይጠየቃሉ።

በጎ ደብዳቤ መምህር አይፈጥርም። በወረዳው ትርፍ የፊዚክስ መምህር ከሌለ የቱንም ያህል የተስተካከለ ጽሑፍ ከየትም አያመጣውም። ነገር ግን «አልሰማንም»፣ «አልገባንም»፣ «የእኛ ክፍል ሥራ አይደለም» የሚሉትን ሦስት መልሶች ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ የወረዳው ነው፤ እርሱም የሚመልሰው ቁጥር ጠቅሶ ነው።

ለክፍል የሚሆን አንድ ሙከራ

ለአማርኛ መምህራን ጓደኞቻችን አንድ ሙከራ እናቅርብ። ከላይ ያሉትን ሁለት ደብዳቤዎች በሰሌዳው ላይ ወይም በወረቀት ያቅርቡ፤ ሐተታውን በሙሉ ግን ይሸፍኑት። ተማሪዎቹ የሚያዩት ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ተቀባዩንና ጉዳዩን ብቻ ይሁን። ከዚያም ሦስት ጥያቄ ይጠይቋቸው። ይህ ደብዳቤ በየትኛው ፋይል ይታሰራል? ለየትኛው ክፍል ይመራል? ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ ይፈለጋል? በሁለተኛው ደብዳቤ ሦስቱም ይመለሳሉ። በመጀመሪያው አንዱም አይመለስም፤ ተማሪውም ጉድለቱን ማንም ሳይነግረው ራሱ ያገኘዋል።

ቀጥሎ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ማመልከቻ ይጻፉ፤ ለምሳሌ የጠፋ የክፍል ውጤት ካርድ በምትኩ እንዲሰጣቸው ለርእሰ መምህሩ ያመልክቱ። ሲታረም ነጥቡ ለቦታ አቀማመጥ ብቻ አይሰጥ። ወረቀቱን ለጎረቤት ተማሪ አሳልፈው፣ ጎረቤቱ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኖ የጉዳዩን መስመር ብቻ አንብቦ ሦስቱን ጥያቄ ይመልስ። መመለስ ካልቻለ ወረቀቱ ለጸሐፊው ይመለስለትና አርእስቱን እንደገና ይጻፍ። ከአርእስቱ በታች ያለው ሐተታ የሚነበበው ይህ ፈተና ከታለፈ በኋላ ነው።